ሦስት ጉድጓድ፣ አንድ ንባብ፦ የብረት ከርቬ ከ4 በላይ ለምን ይተኛል?

ምንጭ_ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሰሞኑን ከሦስት ጉድጓድ የመጣ ውሃ ብረቱን በፌናንትሮሊን ለካሁ። ከእያንዳንዱ 25 ሚሊ ወስጄ 50 ሚሊ ፍላስክ ውስጥ ቀለሙን አወጣሁና 510 ናኖሜትር ላይ አነበብኩት። 1.117፣ 1.119፣ 1.118 አለኝ። ጉድጓዶቹ በመኪና ሰዓት የሚያስኬድ ርቀት አላቸው፤ ንባቡ ግን እንደ መንታ ልጆች አንድ ነው። አለቃዬ «ጎበዝ፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብሎ ሊፈርም ነበር፣ ልቤ ግን አላመነም።

ስታንዳርዶቼን መለስ ብዬ ሳያቸው እንዲህ ናቸው። በግራ ያለው ፍላስኩ ውስጥ ያለው ብረት ነው፣ ሚሊግራም በሊትር፤ በቀኝ ያለው አብዞርባንስ ነው።

```
0     0.002
1     0.200
2     0.399
3     0.597
4     0.795
6     1.110
8     1.118
10    1.119
```

እስከ 4 ድረስ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው፣ ከዚያ ይተኛል። እስካሁን ላብራቶሪያችን ከርቩን የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አምስት ነጥቦች ነበር፣ የላይኞቹን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለመሆኑ መስመሩ የሚያበቃው 4 ላይ ነው፣ 6 ላይ ነው? ናሙናዎቹንስ ምን ላድርጋቸው? በመስመሩ ባሰላው ሦስቱም 11.2 ያህል ይሆናሉ።

ሜትር_ጠጋኝ

እህት፣ ይሄ የካሊብሬሽን ጉዳይ ነው። ማሽኑ በዓመት አንዴ በሆልሚየም ፊልተር መታየት አለበት። የዌቭሌንግዙ መደወያ ሁለት ሦስት ናኖሜትር ከሸሸ ንባቡ ሁሉ ይበላሻል። እኔ በቅርቡ አንድ የድሮ ማሽን ከፍቼ መብራቱን ስቀይር ልክ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል። ለመጨረሻ ጊዜ ሰርቪስ የተደረገው መቼ ነው?

ምንጭ_ውሃ

አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ ስታንዳርዶቹ ከርቭ ነው፣ ስለ ማሽኑ ሰርቪስ አይደለም። ዌቭሌንግዙ ቢሸሽ የታችኞቹም ነጥቦች አብረው ዝቅ ይሉ ነበር እንጂ ከ6 በላይ ያሉት ብቻ ይተኛሉ እንዴ?

ቀመር_አዋቂ

ይሄ የታወቀ ነው። የቢር ሕግ የሚሠራው ለቀጭን መፍትሔ ብቻ ነው። መፍትሔው ሲወፍር ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ መነካካት ይጀምራሉ፣ ሕጉ ይሰበራል። አብዞርባንስ ከ1 ካለፈ አትመኑት ተብለን ነው የተማርነው። ከ4 በላይ ያሉትን ጣያቸው፣ የቀሩት አምስቱ R² 0.9999 ይሰጡሻል። ናሙናውን በብላንክ በግማሽ አቅጥኝና እንደገና አንብቢው። አለቀ።

ጋሽ_ብልቃጥ

ቀመር፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ያ የሞለኪውሎች መነካካት የምትለው ነገር የሚመጣው 0.01 ሞላር አካባቢ ሲደረስ ነው። በሊትር 10 ሚሊግራም ብረት 0.00018 ሞላር ነው፤ ከዚያ ወሰን ከሃምሳ እጥፍ በላይ ይቀጥናል። ስለዚህ እዚህ ሞለኪውሎቹ ሩቅ ለሩቅ ናቸው፣ በእነሱ አታሳብ።

«ከ1 በላይ አትመኑ» የሚለውም ደንብ ያለ ምክንያት አልመጣም፣ ምክንያቱ ግን ማሽኑ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ጣሪያ አለው።

ምንጭ፣ አንቺ ደግሞ የመጣመሙን ቅርጽ ልብ በይ። ማሽን ሲደክመው ቀስ በቀስ ነው የሚጎብጠው፤ ከየትኛው ነጥብ እንደጀመረ ጣትሽን ማስቀመጥ ያቅትሻል። ያንቺ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ በአንድ ጉልበት ተሰብሮ ተኝቷል። 8 እና 10 መካከል ልዩነቱ 0.001 ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጉልበት ሳይ መጀመሪያ የማስበው «ምን አለቀ?» ብዬ ነው።

አንድ ነገር ሥሪ፦ ብላንኩን ቀንሰሽ እያንዳንዱን ንባብ ለኮንሰንትሬሽኑ አካፍዪው። ከግራፉ ይልቅ ያ ዓምድ ይናገራል።

ምንጭ_ውሃ

አካፈልኩት ጋሼ። ከ1 እስከ 4 ያሉት ሁሉ 0.198 ናቸው፣ ሦስተኛው ዲጂት ድረስ አልተነቃነቁም። 6 ላይ 0.185፣ 8 ላይ 0.140፣ 10 ላይ 0.112 ሆነ።

የቀመርንም ምክር ሞከርኩት። ባለ 8ቱን ቀይ መፍትሔ 25 ሚሊ ወስጄ በ25 ሚሊ ብላንክ አቀጠንኩት። ትንሽ አቆይቼ ሳነበው 0.795 አለ! በ2 ሳባዛው 1.59፣ ማለትም መስመሩ ላይ ቁጭ። ታዲያ ቀለሙ ሙሉ ነበር፣ ያላየው ማሽኑ ነው ማለት አይደለም?

ቀመር_አዋቂ

አላልኩም? ማሽኑ ነው። ጉዳዩ ተዘጋ።

ካፌይን_ፍለጋ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔም በተመሳሳይ ነገር ስቸገር ስለከረምኩ ነው። ለማስተርስ ጽሑፌ ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን በ273 ናኖሜትር እለካለሁ፣ በኳርትዝ ኩቬት። ስታንዳርዶቼ 5፣ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ሚሊግራም በሊትር ናቸው፤ ንባቦቹ 0.249፣ 0.496፣ 0.972፣ 1.396፣ 1.713። ዜሮውን ጨምሬ ኤክሴል ላይ መስመር ስስል R² 0.994 ይላል። አማካሪዬ 0.99 ካለፈ ቀጥይ አለችኝ። ኢንተርሴፕቱ ግን 0.044 ነው፣ ብላንኬ ዜሮ ሆኖ ሳለ። እንደ ምንጭ ጉልበት የለውም፣ ግን ደስ አይለኝም። የኔስ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የታጠፈ?

ጋሽ_ብልቃጥ

ሁለታችሁም ቆይ። መጀመሪያ ምንጭ።

ብላንክሽ ውስጥ ምን አለ? በአንድ ፍላስክ ስንት ሚሊ ፌናንትሮሊንስ ትጨምሪያለሽ?

ምንጭ_ውሃ

ብላንኩ ውስጥ ከብረት በቀር ሁሉም አለ፦ አሲዱ፣ ሃይድሮክሲላሚኑ፣ አሲቴት በፈሩ፣ ፌናንትሮሊኑ። ፌናንትሮሊኑ 0.1 በመቶ ነው፣ በፍላስክ 3 ሚሊ። የሥራ ወረቀታችን 10 ሚሊ ነው የሚለው፣ ግን ግዢው ስለዘገየ ጠርሙሱ እንዳያልቅብን ብለው ዝቅ አድርገውታል። እኔ ስመጣ 3 ነበር።

ጋሽ_ብልቃጥ

በይ ይኸው። አንድ ብረት ሦስት ፌናንትሮሊን ይዞ ነው ቀይ የሚሆነው። አንድ ሚሊ 0.1 በመቶ ሪኤጀንት ውስጥ አንድ ሚሊግራም አለ። በሞለኪውል ክብደቱ፣ በ198፣ ስታካፍዪው 5 ማይክሮሞል ይሆናል። ለሦስት ሲከፈል 1.68 ማይክሮሞል ብረት፣ ማለትም 94 ማይክሮግራም ያህል ይይዛል። 3 ሚሊው እንግዲህ 282 ማይክሮግራም ይችላል። 282ን 50 ሚሊ ላይ ስትበትኚው 5.6 ሚሊግራም በሊትር ነው። 5.6ን በ0.198 አባዢው፦ 1.11። ጉልበትሽ የተሰበረው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ብረት የሚይዘው አጥቶ ቀለም አልባ ሆኖ ተቀምጧል። ሦስቱ ጉድጓዶችም የነገሩሽ ስለ ራሳቸው ብረት ሳይሆን ስለ ፌናንትሮሊንሽ መጠን ነው። ሦስቱም ጨርሰውታል።

ማቅጠኑ ያሳሳተሽ ደግሞ ብላንኩ ነው። ብላንኩ ውስጥ ያልተነካ ፌናንትሮሊን ነበር። 25 ሚሊ ብላንክ ስትጨምሪ ያን ጦሙን የተቀመጠ ብረት መገብሽው፣ እሱም ቀላ። 8ን በግማሽ ስታደርጊው 4 ነው፤ የ4 ስታንዳርድሽ ንባብስ ስንት ነበር? 0.795። አዲስ ስታንዳርድ ነው የሠራሽው እንጂ የድሮውን አላቀጠንሽም።

አሁን ያንኑ ባለ 8 በንጹሕ ውሃ አቅጥኚው፣ ቀለም ከወጣ በኋላ ማለቴ ነው። ማሽኑ ከሆነ 0.79 ያህል ታገኛለሽ። ሪኤጀንቱ ከሆነ 0.56።

ምንጭ_ውሃ

0.561።

ጋሼ፣ ፍላስኩን ይዤ ቆሜ ሳቅኩ። የሚገርመው የባለ 8ቱና የባለ 10ሩ ፍላስኮች ቀለም ለዓይንም አንድ ነበር፣ መስኮቱ ጋ አሰልፌያቸው እያየሁ ምንም አልገባኝም።

ሜትር_ጠጋኝ

ቢሆንም ማሽኑ ይታይ።

ቀመር_አዋቂ

እሺ፣ በምንጭ ጉዳይ ተሸንፌያለሁ። ግን ልጠይቅ፦ ውሃ ማቅጠን ሳያስፈልግ የሚለይበት መንገድ የለም? ሲቀጥን ፒኤቹም ሊነቃነቅ ይችላል እኮ።

ጋሽ_ብልቃጥ

አለ፣ እኔ እንዲያውም እሱን ነው የማስቀድመው፣ ምንም ስለማያባክን። ያንኑ ኩቬት ከማሽኑ ሳታወጣ ዌቭሌንግዙን ወደ ተዳፋቱ ውሰደው፣ ለምሳሌ ወደ 550። እዚያ ቀለሙ ደከም ብሎ ስለሚታይ ንባቡ ሁሉ ዝቅ ይላል። በ510 የታጠፈው ከርቭ በ550 ከተቃና ጥፋቱ የማሽኑ ጣሪያ ነበር። በ550ም እዚያው 6 አካባቢ ከተሰበረ ጥፋቱ ብልቃጡ ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም ያልተሠራ ቀለም በየትኛውም ዌቭሌንግዝ አይታይም። ተዳፋት ላይ ግን መደወያውን በንባብና በንባብ መካከል አትንኩ፤ አንድ ናኖሜትር መንሸራተት እዚያ ብዙ ነው። በፈር እስካለ ድረስ ደግሞ በግማሽ ማቅጠን ፒኤቹን ይህን ያህል አያናጋውም።

አሁን ወደ ቡናዋ። ካፌይን፣ ያንቺ ሌላ በሽታ ነው። ብላንክሽ ዜሮ ከሆነ ንባቡን በቀጥታ አካፍዪውና አምጪ።

ካፌይን_ፍለጋ

0.0498፣ 0.0496፣ 0.0486፣ 0.0465፣ 0.0428። ይወርዳል፣ ግን ቀስ እያለ። ካፌይን ላይ ሪኤጀንት የለም፣ ራሱ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የሚያልቅ ነገር የለኝም። ባለ 40ውን በውሃ አራት እጥፍ አቀጠንኩትና 0.496 አነበብኩ። በ4 ሳባዛው 1.984 ነው፣ በቀጥታ ሲነበብ ግን 1.713።

ጋሽ_ብልቃጥ

ጥሩ አድርገሻል፣ ይሄ ንጹሕ ማስረጃ ነው። ካፌይኑ አለ፣ ማሽኑ ነው ያላየው። ምክንያቱ ምናልባት መንገዱን የሳተ ብርሃን ነው፣ ፈረንጆቹ ስትሬይ ላይት የሚሉት። ከ273 ውጭ የሆነ፣ ካፌይን የማይውጠው ብርሃን በጎን ሾልኮ ዲቴክተሩ ላይ ይደርሳል። አብዞርባንስ 2 ማለት ከመቶ ብርሃን አንዱ ብቻ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከመቶ አንድ የሾለከ ከተጨመረ ዲቴክተሩ ሁለት ያያል፤ ሁለት ከመቶ ደግሞ 1.7 ነው። ያንቺ 1.713 ከዚህ ጋር ይገጥማል። አብዞርባንስ 0.5 ላይ ግን ከመቶ 32 ስለሚያልፍ አንዷ ሾላኪ ብዙም አትታወቅም። ለዚህ ነው ታች ቀጥ ብሎ ላይ የሚጎብጠው። በዩቪ በኩል የባሰ የሚሆነው ደግሞ መብራቱ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚደክመው እዚያ ስለሆነ ነው።

R²ውን ተዪው። በመስመሩና በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቀሪ በቅደም ተከተል አስቀምጪው፦ ዜሮ ላይ -0.044፣ 5 ላይ -0.012፣ ከዚያ +0.017፣ +0.059፣ +0.049፣ መጨረሻ -0.069። የእጅ ስህተት ቢሆን ፕላስና ማይነሱ ይደባለቅ ነበር። ይሄ ግን ዳርና ዳሩ ወርዶ መሃሉ ያበጠ ጉብታ ነው፣ መስመሩ የታጠፈን ነገር በግድ ቀጥ ሊያደርግ ሲሞክር የሚተወው። 0.044 ኢንተርሴፕትሽም የመጣው ከላይ ነው። የላይኞቹ ነጥቦች ዝቅ ብለው መስመሩን ሲጎትቱት የታችኛው ጫፍ ብድግ አለ።

ጉዳቱንም እይው። 0.100 የሚያነብ ናሙና ቢመጣ በዚያ መስመር 1.3 ሚሊግራም ትያለሽ፣ እውነቱ ግን 2 ነው። በ0.994 R² አንድ ሦስተኛውን ጣልሽ።

ካፌይን_ፍለጋ

ኧረ ጉድ። ካፌይን የወጣለት ናሙናዬ 0.1 አካባቢ ነው የሚያነበው። ለአማካሪዬ እንዴት እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ።

ቀመር_አዋቂ

ነጥቦቹን አትጣይ። ኤክሴል ላይ ትሬንድላይኑን ሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል አድርጊው፣ ጉብታው ይጠፋል። ብዙ ላብራቶሪ እንዲህ ነው የሚሠራው። ደግሞ ብላንኩ ዜሮ ስለሆነ መስመሩን በግድ በዜሮ አሳልፊው።

ጋሽ_ብልቃጥ

ፖሊኖሚያሉን አልጠላውም፤ በየቀኑ ስታንዳርዱን ከናሙናው ጋር አብሮ ለሚያነብ ሰው ሊሠራለት ይችላል። እኔን የሚከብደኝ ጉብታው የማሽኑ እንጂ የካፌይኑ አለመሆኑ ነው። መብራቱ ሲደክም፣ ኩቬቱ ሲቆሽሽ፣ ኩርባው ቅርጹን ይለውጣል፤ ያለፈው ሳምንት ፖሊኖሚያል ለዛሬ አይሆንም። የታችኛው ቀጥታ ግን ይጸናል። እኔ ብሆን ከ20 በላይ ያለውን ትቼ በታች 1፣ 2 እና 3 እጨምር ነበር፣ ናሙናዋ ያለው እዚያ ስለሆነ።

በዜሮ ማሳለፍ የምትለውን አልቀበልም። ኢንተርሴፕቱ ወሬ ነጋሪሽ ነው፤ ዛሬ 0.044 ባይታይ ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር?

ቀመር_አዋቂ

ጋሼ፣ 20ውን ራሱን ለምን ያስቀሩታል ታዲያ? 0.0486 እኮ ከ0.0498 ከሁለት በመቶ በላይ ወርዷል። እርስዎ የቱ ጋ ነው የሚቆርጡት?

ጋሽ_ብልቃጥ

ልክ ነህ፣ ያዝከኝ። እኔ በልማድ ከሁለት በመቶ በላይ ሲወርድ ነው የማቆመው፤ በራሴ ልማድ 20ው ይወጣል። ሌላው አምስት በመቶ ይላል፤ ያ የሚወሰነው ለውጤቱ በሚፈለገው ጥራት ነው። የፒፔትሽ ስህተት ራሱ አንድ በመቶ ከሆነ ግማሽ በመቶ መታጠፍ ላይ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም።

ምንጭ_ውሃ

ተመለስኩ። ፌናንትሮሊኑን ወደ 10 ሚሊ መልሼ የላይኞቹን ሦስት ስታንዳርዶች ደግሜ ሠራሁ፣ 15 ደቂቃ አቆይቼ። 6 ላይ 1.184፣ 8 ላይ 1.572፣ 10 ላይ 1.945። ጉልበቱ ጠፋ! ሳካፍለው ግን 0.197፣ 0.196፣ 0.194 ነው። እንደ ካፌይን ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ።

ጉድጓዶቹንም 25 ሚሊ መውሰዱን ትቼ 5 ሚሊ ወደ 50 አድርጌ ደገምኳቸው፣ ቀለም ከመውጣቱ በፊት ነው የቀጠኑት። 0.276፣ 0.438፣ 0.349። ብላንኩን ቀንሼ በ0.198 አካፍዬ በ10 ሳባዛው 13.8፣ 22.0 እና 17.5 ሚሊግራም በሊትር። ሦስቱም 11.2 ሊባሉ ነበር።

ጋሽ_ብልቃጥ

አሁን ከፌናንትሮሊኑ ጀርባ ተደብቆ የነበረው የማሽንሽ የራሱ ጣሪያ ብቅ አለ፣ ከካፌይኗ ማሽን ግን በጣም የተሻለ ነው። ሁለቱም ነገሮች አንድ ከርቭ ላይ ተደርበው ነበር። እስከ 6 ተጠቀሚ፣ ከ1.2 በላይ ያነበበ ናሙና ሲመጣ ናሙናውን ነው ማቅጠን፣ ቀዩን መፍትሔ አይደለም።

ምንጭ_ውሃ

እሺ ጋሼ። ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር ግን ቀረ። 3 ሚሊ እየተጨመረ የወጡ የቆዩ ውጤቶች መዝገቡ ላይ አሉ። የ1.11 ንባብ ያላቸውን ለይቼ አወጣሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ናሙናዎቹ ተደፍተዋል። እነዚህን «ከ11.2 በላይ» ብሎ ማረም ይቻላል ወይስ መሰረዝ ነው ያለባቸው?

ካፌይን_ፍለጋ

ሁሉም በ25 ሚሊ ከተሠሩ «በላይ» ማለት የሚቻል ይመስለኛል፣ ቢያንስ ውሸት አይደለም።

ቀመር_አዋቂ

እኔ እሰርዘው ነበር። ያኔም 3 ሚሊ ይሁን 4 በምን ታውቂያለሽ?

ምንጭ_ውሃ

የ1.11ዱ ጣሪያ ራሱ አይመሰክርም? 4 ሚሊ ቢሆን ኖሮ 1.48 ላይ ነበር የሚተኛው።

ጋሽ_ብልቃጥ

እሱን ከአለቃሽ ጋር መዝገቡን ዘርግታችሁ እዩት። እኔ ግን ውኃው እንደገና ይቀዳ ባይ ነኝ።